ሠላሳ ለአንድ የባልዲ ቁጥር አይደለም፦ ስለ ኮምፖስት አሠራር ለቀረበ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ምላሽ የምንሰጥበት ጽሑፍ ለጎጃም ገበሬ የሰጠው ምክር እንዲህ ይላል፦

«ለኮምፖስት የሚያስፈልገው የካርቦንና የናይትሮጅን መጠን ሠላሳ ለአንድ ስለሆነ፣ በሠላሳ ባልዲ አገዳ ወይም ጭድ ላይ አንድ ባልዲ እበት ይጨመራል። ክምሩ የሚሸተው እበት ሲበዛ ነው፤ ሽታውን ለማጥፋት አመድ ይነስነስበት። ክምሩ የማይሞቀው በደጋው ብርድ ምክንያት ስለሆነ እስኪሞቅ ድረስ ውሃ ይጠጣ። ሙቀቱ እንዳያመልጥ ጉድጓዱ በደንብ ተረግጦ በጭቃ ይመረግ፤ በሦስት ወር ይደርሳል።»

ከመጀመሪያው ነጥብ እንነሳ፤ የሌሎቹም ስህተት ሥሩ እዚያው ነው። ቁጥሩ ራሱ ትክክል ነው፤ የተሳተው የሚለካው ነገር ነው። ሠላሳ ለአንድ የሚባለው በቁሳቁሱ ውስጥ ያለው የካርቦን ክብደት በውስጡ ካለው የናይትሮጅን ክብደት ጋር ሲነጻጸር ነው። ንጹሕ ካርቦን የሆነ አገዳ የለም፤ ንጹሕ ናይትሮጅን የሆነ እበትም የለም። አገዳው ራሱ ጥቂት ናይትሮጅን አለው፤ እበቱም ብዙ ካርቦን አለው። በዚያ ላይ ትኩስ እበት አብዛኛው ውሃ ነው።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ቢታወቅ አጠቃቀሙ ይቀላል። ክምሩን የሚያበሰብሱት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። ከሚበሉት ካርቦን ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ለጉልበታቸው አቃጥለው ወደ አየር ይተነፍሱታል፤ ክምሩ የሚሞቀውም በዚህ ነው። የቀረውን ገላቸውን ይገነቡበታል። በገላቸው ውስጥ ለ1 ናይትሮጅን ከ8 እስከ 10 ካርቦን ይገኛል። ለገላ 10፣ ለጉልበት 20 ብንል 30 ይሆናል። ናይትሮጅኑ ከዚህ ካነሰ መራባት አይችሉም፤ ስለዚህ ክምሩ ሳይሞቅ ይቆያል። ናይትሮጅኑ ከበዛ ደግሞ የተረፋቸውን በአሞኒያ መልክ ይለቁታል። ልኩ ግን የመድኃኒት መጠን ያህል ጥብቅ አይደለም፤ ከ25 እስከ 35 ባለው ውስጥ የገባ ክምር በደንብ ይሠራል፤ 40 የደረሰም ዘግየት ይላል እንጂ አይሞትም።

አሁን የጽሑፉን የባልዲ ስሌት በቡሬና በጃቢ ጠህናን በብዛት በሚገኘው የበቆሎ አገዳ እንፈትሸው። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለስሌት የተወሰዱ የተለመዱ መጠኖች ናቸው፤ እንደ ቀለቡና እንደ አያያዙ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ባለ 20 ሊትር ባልዲ የተከተፈ ደረቅ አገዳ 1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ያው ባልዲ ትኩስ እበት ቢሞላ 18 ኪሎ ያህል ይሆናል። የደረቀ አገዳ ከመቶው 10 እጅ ውሃ ነው፤ በቀረው ደረቅ ክብደት ውስጥ ካርቦኑ ከመቶ 45፣ ናይትሮጅኑ ደግሞ 0.75 ቢሆን ጥምርታው 60 ለ1 ነው። የላም እበት ከመቶው 80 እጅ ውሃ ነው፤ በደረቁ ካርቦኑ 40፣ ናይትሮጅኑ 2 ቢሆን 20 ለ1 ይሆናል።

30 ባልዲ አገዳ ላይ 1 ባልዲ እበት ሲጨመር 30 ኪሎ አገዳና 18 ኪሎ እበት አንድ ላይ ሆኑ ማለት ነው። ካርቦኑ 13.6 ኪሎ፣ ናይትሮጅኑ 0.27 ኪሎ ይመጣል። ጥምርታው 30 ሳይሆን 50 ለ1 ሆነ። እርጥበቱ ደግሞ ከመቶ 36 ብቻ ነው፤ ለተሕዋስያኑ ከ50 እስከ 60 ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ በዚህ ምክር የተሠራ ክምር ናይትሮጅን የጎደለው ብቻ ሳይሆን የደረቀም ነው። ጸሐፊው ኋላ ላይ የደጋውን ብርድ የሚከሱበት ቅዝቃዜ ከዚሁ ከባልዲው ቁጥር የመጣ ነው።

በተቃራኒው አገዳና እበት ባልዲ ለባልዲ እኩል ቢደረጉስ? ጥምርታው 23 ለ1 ይሆናል፤ በወረቀት ላይ ብዙም አይከፋም። እርጥበቱ ግን ከመቶ 76 ይደርሳል። ይህ ክምር አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ የለውም፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገማል። ጥምርታውን ብቻ እያዩ መሥራት የማይበቃው ለዚህ ነው። ከናይትሮጅኑ ጋር ሁልጊዜ ውሃው አብሮ ይመጣል፤ ሁለቱም አንድ ላይ መታሰብ አለባቸው።

እንግዲህ 1 ኩንታል የተከተፈ ደረቅ የበቆሎ አገዳ ይዘን ትክክለኛውን እንሥራ። በእበት ብቻ 30 ለ1 ላይ ለመድረስ 5 ኩንታል ያህል ትኩስ እበት ይፈጃል። ይህን ያህል እበት ከኩበት ተርፎ የሚያገኝ ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ቢገኝም ክምሩ ከመቶ 68 እጅ ውሃ ይሆንና ይታፈናል። እበት ደካማ አስተካካይ የሆነበት ምክንያት የራሱ ጥምርታ 20 በመሆኑ ነው፤ ወደ 30 ለማውረድ ከ30 ብዙም የማይርቅ ነገር በብዛት መጨመር ግድ ይላል።

ስለዚህ እበቱን ለእርጥበቱና ለተሕዋስያኑ ሲባል በልኩ እናስገባውና ጎዶሎውን ናይትሮጅን ከሌላ እናምጣ። ለ1 ኩንታል አገዳ 170 ኪሎ እበት፣ ማለትም ከ9 እስከ 10 ባልዲ፣ ሲገባ እርጥበቱ ከመቶ 54 ይሆናል፤ ጥምርታው 40 ለ1 ይደርሳል። ወደ 30 ለማውረድ የሚጎድለው ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ናይትሮጅን ነው። ይህን ከተለያየ ቦታ ማግኘት ይቻላል።

ከዶሮ ቤት የተጠረገ፣ ደረቅ ያለ ኩስ ካለ 26 ኪሎ ይበቃል። የዶሮ ኩስ ጥምርታው 10 ለ1 አካባቢ ስለሆነ 26 ኪሎው የሚሠራውን ሥራ እበት እንዲሠራው ቢፈለግ ከ3 ኩንታል በላይ ትኩስ እበት ይጨመር ነበር። ዶሮ ከሌለ በአበባው ጊዜ የታጨደ የባቄላ፣ የግብጦ፣ የሰስባንያ ወይም የትሪ ሉሰርን ለምለም ቅጠል 120 ኪሎ ያህል ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል፤ ነገር ግን ለምለሙ ውሃ ስላለው እርጥበቱ 60 ይደርሳልና ሌላ ውሃ መጨመር አይገባም። የከብት ሽንት ከበረቱ በቦይ የሚያጠራቅም ሰው 50 ሊትር ያህል ሽንት በውሃ ፋንታ ቢያጠጣው ይበቃዋል። ምንም የሌለው፣ ዩሪያ ግን የተረፈው፣ 1 ኪሎ ዩሪያ በውሃ አሟሙቶ በየንብርብሩ ቢረጨው ስሌቱ ይሞላለታል፤ ዩሪያ ከመቶው 46 እጅ ናይትሮጅን ነው። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነው የሚመረጠው። ሁሉንም አንድ ላይ መጨመር ክምሩን ወደ አሞኒያ ይወስደዋል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አብሮ ይነሳ። «አረንጓዴ ናይትሮጅን ነው፣ ቡናማ ካርቦን ነው» የሚለው አነጋገር ለጀማሪ ይረዳል እንጂ በቀለም መፍረድ ያሳስታል። እበት ቡናማ ነው፤ ሥራው ግን የናይትሮጅን ነው። በለምለሙ ታጭዶ ጥላ ሥር ፈጥኖ የደረቀ ሣር ቀለሙ ቢለወጥም ናይትሮጅኑ አብዛኛው አለ። ዛፉ ላይ ቢጫ ሆኖ የረገፈ ቅጠል ግን ዛፉ ናይትሮጅኑን አስቀድሞ መልሶ ወስዶበታል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ደግሞ ለምለም ሳለም ቢሆን ዘይቱና መራራ ንጥረ ነገሩ ተሕዋስያኑን ያዘገያል፤ በክምር ውስጥ ከጥቂት በላይ ባይገባ ይመረጣል።

አሠራሩን በአጭሩ እንግለጽ። አገዳው ከጣት እስከ እጅ መዳፍ በሚሆን ቁመት ይከተፍ። ሙሉ አገዳ ቆዳው ጠንካራ ነው፤ ውስጡ ያለው ለስላሳ ክፍል ለተሕዋስያኑ የሚደርሰው ሲሰነጠቅ ነው። የደረቀ አገዳ ውሃን ቶሎ አይቀበልም፤ ስለዚህ ክምሩ ከመሠራቱ በፊት በነበረው ቀን ማታ ይርጠብ። ውሃ የማይቆምበት ከፍ ያለ ቦታ፣ ቢቻል ዋንዛ ወይም ብሳና ጥላ ሥር፣ 1 ሜትር ከ50 በ1 ሜትር ከ50 የሆነ መደብ ላይ ያልተከተፈ አገዳ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ተነጥፎ ይጀመር፤ ይህ ከሥር አየር ያስገባል። መሐሉ ላይ የታሰረ የሸምበቆ ወይም የአገዳ እስር ይቁም። ከዚያ አገዳው በ15 ሳንቲ ሜትር ይነጠፍ፤ እበቱ በውሃ ቀጠን ተደርጎ ይፍሰስበት፤ ኩሱ ይነስነስ፤ ደግሞ አገዳ ይቀጥል። ንብርብሩ በመንሽ ትንሽ ቢናጥና ቢቀላቀል የበለጠ ይሻላል፤ አገዳው ብቻውን፣ እበቱም ብቻውን ተደራርቦ ከቀረ በወረቀት ላይ 30 የሆነው በቦታው 60 እና 20 ሆኖ ይቀራል። በዶሮ ኩሱ ስሌት እርጥበቱ 51 ስለሚሆን ሌላ 35 ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልጋል፤ አገዳውን ማታ ያረጠበው ውሃና እበቱን ያቀጠነው ውሃ ከዚሁ ከ35ቱ ይቆጠራሉ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ሲደርስ በሣር ወይም በጭድ ይከደን።

እርጥበቱን ለማወቅ መሣሪያ አያሻም። ከመሐሉ አንድ እፍኝ አውጥቶ ጠንክሮ መጭመቅ ነው። በጣቶቹ መሐል አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። ከፈሰሰ በዝቷል። ምንም ሳይወጣ፣ እጅ ሲፈታ ተበትኖ ከቀረ ደርቋል።

ወደ ሽታው እንሂድ። ጸሐፊው ሽታን ሁሉ አንድ አድርገው ማየታቸው ወደ አመዱ መርቷቸዋል። ከክምር የሚወጣ መጥፎ ሽታ ሦስት ዓይነት ነው፤ ሦስቱም መድኃኒታቸው የተለያየ ነው።

አንደኛው ጠዋት በረት ሲጠረግ አፍንጫን የሚሰነፍጠው፣ ዓይንንም የሚያስለቅሰው አሞኒያ ነው። እሱ ከተሰማ ናይትሮጅኑ በዝቷል፤ ገበሬው ማሳው ላይ ሊያወርደው የነበረው ማዳበሪያ በአየር እየሄደ ነው። ሁለተኛው የገማ እንቁላል ሽታ ነው። ይህ የእበት ብዛት ምልክት አይደለም፤ አየር ያጣ ክምር ምልክት ነው። ኦክስጅን ሲጠፋ ሌሎች ተሕዋስያን ቦታውን ይይዙና ድኝ ያለበትን ጋዝ ያመነጫሉ። እበት ጭራሽ ያልገባበት፣ ለምለም ሣር ብቻ ተረግጦ የተከመረበት ጉድጓድም እንዲህ ይሸታል። ሦስተኛው የኮመጠጠ ሽታ ሲሆን የሚመጣው አተላ፣ የተረፈ እንጀራ፣ የድንች ልጣጭ የመሰለ ቶሎ የሚፈርስ ነገር በአንድ ቦታ ሲቆለል ነው፤ አየሩ ሳይበቃ ቀርቶ አሲድ ይጠራቀማል። አተላ ለክምር ጥሩ የናይትሮጅን ምንጭ ነው፤ ነገር ግን በስሱ ተበትኖ ከአገዳ ጋር መደባለቅ ይኖርበታል።

አመድ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክሩ ጉዳት የሚያደርሰው እዚህ ላይ ነውና። አመድ አሲድን የሚሰብር ነገር ነው፤ የእንጨት አመድ በውሃ ሲበጠበጥ ፒኤቹ፣ ማለትም አሲድ ሲበዛ ዝቅ፣ አሲድ ሲሰበር ከፍ የሚለው ልኬት፣ ከ10 በላይ ይወጣል። በክምሩ ውስጥ ያለው አሞኒየም፣ ማለትም ገና ጋዝ ያልሆነው የአሞኒያ መልክ፣ በውሃው ውስጥ ተይዞ የሚቆየው ፒኤቹ ዝቅ ባለ ጊዜ ነው። በፒኤች 7 ላይ ወደ ጋዝ የሚለወጠው ከመቶ 1 እንኳ አይሞላም። ፒኤቹ 9 ሲደርስ በ25 ዲግሪ ሙቀት ከሲሶው በላይ ጋዝ ይሆናል፤ ክምሩ 55 ዲግሪ ሲሞቅ ደግሞ ከግማሽ በላይ ያልፋል። ስለዚህ አሞኒያ በሚሸት ክምር ላይ አመድ መነስነስ ሽታውን ያባብሰዋል፤ ናይትሮጅኑንም ያስወጣዋል። ሽታው ከአመዱ በኋላ በጥቂት ቀናት ጠፋ ቢባል እንኳ የሚሸተው አልቆ ሊሆን ይችላል።

ለአሞኒያ የሚበጀው ካርቦን ነው። ክምሩ ይገለበጥ፤ በየንብርብሩ የተከተፈ ደረቅ አገዳ ወይም ጭድ ይቀላቀል፤ በላዩም 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ደረቅ ጭድ ይልበስ። ስሱ አፈር ማልበስም አሞኒያን ይይዛል። በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ በኩል፣ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ከሚከሰልበት ቦታ የሚቀር የከሰል ፍርፋሪ ካለ እሱም አሞኒያን ጥሩ አድርጎ ይይዛል፤ ከአመዱ ተለይቶ የተለቀመ መሆን ግን አለበት። ለገማ እንቁላል ሽታ የሚያስፈልገው መክፈት፣ ማናፈስና ደረቅ አገዳ መቀላቀል ነው። አመድ ቦታ ያለው በሦስተኛው፣ በኮመጠጠው ክምር ላይ ብቻ ነው፤ እሱም በእፍኝ ደረጃ፣ ያውም ከተናፈሰ በኋላ።

አመድ ይጣል ማለታችን አይደለም። በባንጃ፣ በማቻከልና በጎዛምን ብዙው መሬት አሲዳማ ነው፤ ምድጃው የሚሰጠውን አመድ በቀጥታ ለጓሮው አፈር መስጠት የተሻለ ጥቅም አለው። ከትኩስ እበት ጋር ግን አይገናኝ።

ቅዝቃዜውን በተመለከተ ደጋው ምክንያት ነው መባሉ እውነቱን ያዛንፋል። የክምር ሙቀት ከውጭ የሚመጣ ሳይሆን ከውስጥ የሚመነጭ ነው። የደጋ ሌሊት የሚጎዳው ትንሽ ክምርን ነው፤ በትንሽ ክምር ላይ ሙቀት የሚሸሽበት ገጽ ከሚያመነጨው አካል አንጻር ሰፊ ነውና። ከ1 ሜትር ኩብ ያነሰ ክምር በቆላም ቢሆን ሙቀቱን አይዝም። በሰከላና በጮቄ ሥር ባለችው በስናን ብርድ፣ ወርዱን ወደ 1 ሜትር ከ80 ማስፋትና የላይኛውን ሽፋን ማወፈር ይበቃል፤ አሠራሩ ያው ነው። በአግባቡ የተሠራ ክምር በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ይሞቃል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል።

ካልሞቀ ምክንያቱን የሚናገረው ከመሐሉ የሚወጣው ዘንግ ነው። ክምሩ ሲሠራ አንድ ረጅም ዘንግ ጋደል ብሎ እስከ መሐል ይገባና እዚያው ይተዋል። ከ4 ቀን በኋላ ወጥቶ ይዳሰስ፣ ይታይ፣ ይሽተት። ይዞ መቆየት እስኪያስቸግር ከሞቀ ክምሩ ከ50 ዲግሪ በላይ ነው፤ ሥራው ይቀጥል።

ቀዝቅዞና ደርቆ ከወጣ ውሃ ጎድሏል። ከኅዳር እስከ ግንቦት ባለው በጋ አብዛኛው የቀዘቀዘ ክምር ችግሩ ይህ ነው። ላዩን ማጠጣት ግን አይጠቅምም፤ ውሃው በአገዳው ጎን ጎን ወርዶ ከሥር ይወጣል፣ መሐሉ እንደደረቀ ይቀራል። ክምሩ ተገልብጦ በየንብርብሩ መጠጣት አለበት።

ቀዝቅዞ፣ እርጥብ ሆኖ፣ ከገማ እንቁላል ሽታ ጋር ከወጣ አየር አጥቷል። በዚህ ላይ «እስኪሞቅ ውሃ ይጠጣ» የሚለው ምክር ቢተገበር በሽታውን ማባባስ ነው። ውሃ የያዘው ቀዳዳ አየር ሊይዝ አይችልም፤ ያለ አየር የሚደረግ ብስባሴ ደግሞ ሙቀት የሚሰጠው እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ክምር ይከፈት፤ ለግማሽ ቀን ፀሐይ ይምታው፤ ደረቅ አገዳ እየተቀላቀለበት ከጭምቁ ፈተና ጋር ይመለስ።

ቀዝቅዞ፣ እርጥበቱ ልክ ሆኖ፣ ምንም መጥፎ ሽታ ሳይኖረው፣ አገዳውም እንደገባ ቀለሙን ሳይለውጥ ከወጣ ናይትሮጅን ነው የጎደለው። በባልዲው ስሌት የተሠራ ክምር፣ በኋላ ውሃ እንኳ ቢያገኝ፣ እዚህ ላይ ይቆማል። የጎደለውን መጠን መገመት ይቻላል፤ 30 ለ1 ባልዲ ሆኖ የተሠራው ከላይ ያየነው ክምር 0.27 ኪሎ ናይትሮጅን አለው፣ ለ13.6 ኪሎ ካርቦን ግን 0.45 ኪሎ ይገባው ነበር። ልዩነቱ 0.18 ኪሎ ነው። 20 ሊትር የከብት ሽንት ወይም በውሃ የሟሟ 400 ግራም ዩሪያ እየተገለበጠ ቢረጭበት ይሞላል፤ ከዚያ በተረፈ እርጥበቱ ልክ እስኪሆን ውሃ ይጨመር። እንዲህ የተስተካከለ ክምር በ3 ቀን ካልሞቀ ጥያቄው ወደ መጠኑ ይዞራል፤ 48 ኪሎ ጥሬ ዕቃ ብቻውን ሙቀት የሚይዝ ክምር አይወጣውም፤ ከሌላ ጋር ይጣመር።

አራተኛው ነጥብ ጉድጓዱን ረግጦ መመረግ ነው። በዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሹን ልክ ናቸው። በበጋ ክምሩ ወይም ጉድጓዱ በጭቃ ቢለበጥ እርጥበቱን ይጠብቃል፤ ውሃ ሩቅ በሆነበት መንደር ጥሩ ዘዴ ነው። ነገር ግን መሐሉ ላይ የቆመው የሸምበቆ እስር ጫፉ ከጭቃው በላይ ክፍት ሆኖ መቅረት አለበት፤ ከጎንም ሁለት ሦስት ቀዳዳ ይተው። መርገጡ ግን በምንም ወቅት አይበጅም። ተሕዋስያኑ ለመተንፈስ በክምሩ ክፍተቶች ውስጥ ያለውን አየር ይጠቀማሉ፤ መርገጥ ያንን ክፍተት መዝጋት ነው። ክምሩ በራሱ ክብደት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲወርድ ይታያል፤ እሱ ይበቃዋል።

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የጎጃም ክረምት ጉድጓድን ጨርሶ መተው ይሻላል። ከጎንና ከሥር የሚገባው ውሃ መውጫ የለውም፤ ላዩ የተመረገ ጉድጓድ ከሥሩ ኩሬ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በክረምት ክምሩ ከመሬት በላይ ሆኖ፣ ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለት፣ ላዩ ዝናቡን ወደ ጎን በሚያንሸራትት ወፍራም ሣር ተከድኖ ይሠራ። ላስቲክ ካለ ጎኑን ሳይሸፍን ጣሪያውን ብቻ ይሸፍን።

«ሦስት ወር» የተባለው ጊዜ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ቀኑን የሚወስነው መገልበጡ ነው። መጀመሪያ የሚገለበጠው ሙቀቱ ወጥቶ መውረድ ሲጀምር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው። ከ65 ዲግሪ በላይ ከሄደ ግን ሳይጠበቅ ይገለበጥ፤ ከ70 በላይ ጠቃሚዎቹ ተሕዋስያን ራሳቸው ያልቃሉ። ሲገለበጥ የውጩ ወደ መሐል፣ የመሐሉ ወደ ውጭ ይግባ። የአረም ዘርና በሽታ አምጪ የሚሞተው ሙቀቱን ባገኘው ክፍል ብቻ ስለሆነ ይህ ካልተደረገ ከዳር የቀረው ዘር ማሳ ላይ ይበቅላል። በየግልበጣው የጭምቅ ፈተናው ይደገም፤ ሙቀቱ ብዙ ውሃ ስለሚያተን ከ20 እስከ 40 ሊትር መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል። ሦስት አራት ጊዜ የተገለበጠ ክምር በሦስት ወር ይደርሳል፤ ሳይገለበጥ የተተወው ከዚያ እጥፍ በላይ ሊፈጅ ይችላል።

መቀዝቀዙ ብቻ መድረሱን አያሳይም፤ ውሃ ያጣ ክምርም ይቀዘቅዛል። ተገልብጦ፣ እርጥበቱ ተስተካክሎ በሳምንት ውስጥ ዳግመኛ ካልሞቀ፣ አገዳው አገዳ መሆኑ ካልታወቀና ሽታው ከዝናብ በኋላ ያለ አፈር ከሆነ ደርሷል። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ካርቦን ተቃጥሎ ወጥቶ ጥምርታው ወደ 15 እና 20 መሐል ይወርዳል። ገና 30 እና 40 ላይ ያለ ብስባሽ ለበቆሎ ቢሰጥ ተሕዋስያኑ ሥራቸውን ለመጨረስ የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻማሉ፤ ቡቃያው ቢጫ ይሆናል፤ ገበሬውም ኮምፖስት መሬቴን ጎዳው ይላል።

ጥርጣሬ ካለ በፈጦ ይፈተን። አንድ ሳህን ላይ እርጥብ ብስባሽ፣ ሌላ ሳህን ላይ እርጥብ የጓሮ አፈር አድርጎ በእያንዳንዱ 20 የፈጦ ዘር መዝራት ነው። ፈጦ ፈጥኖ ይበቅላል፤ አሞኒያና አሲድ ሲያገኘው ደግሞ ወዲያው ይታይበታል። በ5ኛው ቀን በሁለቱ ሳህን የበቀለው ይቆጠር፣ ሥሩም ይታይ። በብስባሹ ላይ የበቀለው በአፈሩ ላይ ከበቀለው በግልጽ ካነሰ ወይም የሥሩ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ክምሩ አንድ ጊዜ ተገልብጦ ሌላ ሦስት ሳምንት ይቆይ፤ ከዚያም በአዲስ ዘር ዳግመኛ ይፈተን።